አሮጌውን የቡና ማበጠሪያ መኪና ስለ መለወጥ
ከማይወጣ ወጪ የሚገኝ ጥቅም እንዴት እንደሚታሰብ

ነጋዴ አዲስ መኪና ለመግዛት ሲያስብ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ያስገባልኛል?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ አዲስ ሥራ ለሚከፍት ሰው ተገቢ ነው። አሮጌውን በአዲስ ለሚለውጥ ሰው ግን መልስ የለውም፤ የሚሸጠው ቡና ያው፣ ገዢውም ያው፣ ዋጋውም ያው ስለሆነ መኪናው አንድ ሳንቲም አዲስ ገቢ አያመጣም። የሚያመጣው ነገር ቢኖር ይወጣ የነበረውን ገንዘብ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ገቢው በሁለቱም በኩል እኩል ስለሆነ ከሒሳቡ ይወጣና የሚነጻጸረው ወጪ ከወጪ ጋር ብቻ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ መጋዘን ያለው፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሆነ አንድ ቡና ላኪ ይታሰብ። የማበጠሪያ መኪናው አርጅቷል። አዲሱ መኪና ከጉምሩክ፣ ከማጓጓዣና ከተከላ ጋር 4,000,000 ብር ይፈጃል። የሒሳብ ሹሙ በዓመት የሚቀሩትን ወጪዎች ሲዘረዝር፣ ከኤሌክትሪክ 210,000፣ ከመለዋወጫና ከውጭ ጠጋኝ ክፍያ 490,000፣ መኪናው እየቆመ ሥራ ሲጓተት ለሌሊት ሠራተኞች ከሚከፈለው የትርፍ ሰዓት 320,000፣ ከግርዱ ጋር አብሮ ከሚወጣው ደኅና ፍሬ 340,000 ብር አገኘ። በዚህም ላይ የድርጅቱን የወር ደመወዝተኛ መካኒክ ድርሻ 120,000፣ የመጋዘን ኪራይ ድርሻ 90,000 ብር ጨመረበት።

እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መሰረዝ አለባቸው። መካኒኩ ጄኔሬተሩንና የጭነት መኪናዎቹን ስለሚጠብቅ አዲስ ማበጠሪያ ቢመጣም ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ኪራዩም አንድ ብር አይቀንስም። በመዝገብ ላይ ለመኪናው የተደለደለ ወጪ ሁሉ መኪናው ሲለወጥ የሚቀር ወጪ አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ መኪናው በተለወጠ ማግስት የትኛው ደረሰኝ መምጣቱን ያቆማል ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለቱ ሲሰረዙ የቀረው 1,360,000 ብር ነው።

ስለ ደኅናው ፍሬ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ላኪ የሚሳሳተው በዚህ ነውና። ከግርዱ አንድ ኬሻ ተወስዶ በእጅ ቢለቀምና ደኅናው ፍሬ ቢመዘን በዓመት ምን ያህል እንደሚባክን ይታወቃል። ይሁን እንጂ ያ ፍሬ ወደ ቆሻሻ አይጣልም፤ ከተረፈ ምርቱ ጋር ተቀላቅሎ ለአገር ውስጥ ገበያ ይሸጣል። ስለዚህ የሚድነው የፍሬው ሙሉ ዋጋ ሳይሆን፣ ፍሬውን ለመተካት ሌላ ቡና በሚገዛበት ዋጋና በተረፈ ምርት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከላይ የተመለከተው 340,000 ብር ይኸው ልዩነት ነው። የኤሌክትሪኩም ቢሆን በግምት ሳይሆን ለማበጠሪያው ለብቻው ቆጣሪ ተገጥሞ አንድ ሳምንት ቢነበብ ይሻላል።

አሁን 1,360,000 በአምስት ዓመት ቢባዛ 6,800,000 ይሆናል፤ ከዚህ አራት ሚሊዮኑ ሲነሣ 2,800,000 ብር ትርፍ የተገኘ ይመስላል። ችኩል ነጋዴ በዚህ ረክቶ ይፈርማል። ግን ሁለት ነገሮች ተረስተዋል።

የመጀመሪያው ግብር ነው። ወጪ ሲቀንስ በመዝገብ ላይ ትርፍ ይጨምራል፤ መንግሥትም ከዚያ ከማኅበሩ ትርፍ ላይ 30 በመቶ ይወስዳል። ስለዚህ ከ1,360,000 ብር በእጅ የሚቀረው 952,000 ነው። በሌላ በኩል የአዲሱ መኪና የእርጅና ተቀናሽ ግብሩን ያቃልላል። ለአሳቡ ቅለት ዋጋው በአምስት ዓመት እኩል ይከፈል ቢባል (ሕጉ የሚፈቅደውን መጠን ማስገባት የሒሳብ ሹሙ ፈንታ ነው) በዓመት 800,000 ይቀነሳል፤ ከግብር የሚድነውም 240,000 ብር ነው። የእርጅና ተቀናሽ ከሣጥን የሚወጣ ገንዘብ ስላልሆነ ራሱ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ያስቀረው ግብር ብቻ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ በዓመት 1,192,000 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ማኅበሩ ገንዘቡን በቡና ግዢ ላይ ቢያውለው ወይም ብድሩን ቢከፍልበት በዓመት 20 በመቶ የሚያገኝ ከሆነ፣ በአንደኛው ዓመት መጨረሻ የሚድን 1 ብር ዛሬ 83 ሳንቲም ብቻ ያወጣል፤ የሁለተኛው ዓመት 69፣ የአምስተኛው ዓመት 40 ሳንቲም ነው። የአምስቱ ዓመት ድምር 2 ብር ከ99 ሳንቲም ይደርሳል። በዚህ ልክ 1,192,000 ብር በየዓመቱ ሲድን የዛሬ ዋጋው 3,565,000 ብር ያህል ነው። የባንክ ወለድ በዚህ 20 በመቶ ውስጥ ስላለ ከዓመቱ ቁጠባ ላይ እንደ ገና መቀነስ አይገባም፤ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናልና።

አሮጌው መኪና ዛሬ ቢሸጥ 300,000 ብር ያወጣል። በመዝገብ ላይ ዋጋው አልቆ ስለነበረ ሽያጩ ግብር ይከፈልበትና 210,000 ይቀራል፤ ስለዚህ ከኪስ የሚወጣው 3,790,000 ብር ነው። አዲሱ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 900,000 ብር ቢሸጥ፣ ከግብርና ከጊዜው ቅናሽ በኋላ ዛሬ 253,000 ያህል ነው። ሁሉም ሲጣጣ የተጣራው የዛሬ ዋጋ 28,000 ብር ሆነ። ያ ሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ የተባለው ትርፍ የቀረው ይህ ብቻ ነው።

ነገሩን የሚወስነው ግን በመዝገብ ውስጥ ያልገባ አንድ ወጪ ነው። ጠጋኙ የአሮጌው መኪና ሞተርና ወንፊቶች ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በ700,000 ብር ካልታደሱ ሥራ እንደሚያቆሙ ተናግሯል። አዲሱ ከተገዛ ይህ ወጪ አይመጣም። ከግብር በኋላ 490,000፣ ወደ ዛሬ ሲመለስ 340,000 ያህል ነው። የተጣራው የዛሬ ዋጋም ወደ 368,000 ብር ከፍ ይላል። በአንጻሩ ባለፈው ዓመት ለዚሁ መኪና ጥገና የወጣው 450,000 ብር በየትኛውም በኩል አይገባም። «ይህን ሁሉ አፍስሰንበት እንዴት እንጥለዋለን» ማለት የባለቤት ስሜት እንጂ ሒሳብ አይደለም፤ ገንዘቡ መኪናው ቢጣልም ባይጣልም ወጥቷል።

ውጤቱ ምን ያህል ጽኑ እንደሆነም መፈተን አለበት። የዓመቱ ቁጠባ ከ1,360,000 ወደ 1,184,000 ብር ቢወርድ ጥቅሙ ከዜሮ ጋር ይተካከላል፤ ይህም 13 በመቶ ያህል ቅናሽ ነው። የቡና መጠን ባነሰበት ዓመት መኪናው የሚሠራበት ሰዓት ስለሚያጥር የመብራቱም፣ የትርፍ ሰዓቱም፣ የፍሬውም ቁጠባ አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ቁጠባው በተሻለው ዓመት ሳይሆን በመካከለኛው ዓመት ቶን መታሰብ ይኖርበታል። በሌላ ወገን የዋጋ ንረት ለአዲሱ መኪና ይፈርዳል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ተወድዷል፤ የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ከላይ ያለው ሒሳብ ግን 20 በመቶውን የዋጋ ንረት ጨምሮ ሲወስድ ቁጠባውን ለአምስት ዓመት ሳይጨምር ያቆየዋል፤ ስለዚህ ወደ ጥንቃቄው ያዘነበለ ነው። ላኪው ቁጠባውን በየዓመቱ ከፍ ለማድረግ ቢፈልግ የመለዋወጫውንና የመብራቱን ብቻ እንጂ፣ በቡና ዋጋ የሚወጣ የሚወርደውን የፍሬውን ልዩነት ባይነካ ይመረጣል።