ዋናው ወሬ ስንተኛው አንቀጽ ላይ ነው?

ሐምሌ 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከማይክሮሶፍት አለቆች ለሠራተኞች ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ኢሜይል ተላከ። አንዱን የጻፉት መንበሩን ከያዙ ገና ስድስት ወር ያልሞላቸው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሳትያ ናዴላ ናቸው። ሌላውን ደግሞ ስቲቨን ኢሎፕ ለራሳቸው ክፍል ሠራተኞች ጻፉት። ኢሎፕ የኖኪያ ስልክ ሥራ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወደ ማይክሮሶፍት ሲጠቃለል አብረው የመጡ ኃላፊ ነበሩ። ዜናው ከባድ ነው፤ ኩባንያው እየተደራጀ ነው፣ በሚቀጥለው አንድ ዓመት እስከ 18 ሺህ የሥራ ቦታ ይቀነሳል፣ ከዚህም ውስጥ 12,500 ያህሉ ከኖኪያ በመጣው ክፍል ነው።

ናዴላ ይህን ቁጥር የጻፉት ገና ከመግቢያቸው ቀጥለው ነው። የመጀመሪያዎቹ 13 ሺህ ቦታዎች ቅነሳ ወዲያው እንደሚጀመር፣ ከሚነኩት ሠራተኞች አብዛኞቹ በስድስት ወር ውስጥ እንደሚነገራቸው፣ የስንብት ክፍያም ለሁሉም እንደሚሰጥ አስከትለው ገለጹ። በአንዳንድ ክፍሎች ቦታ ሲዘጋ በሌሎች አዲስ ቦታ እንደሚከፈትም አልደበቁም። ስለ አሠራሩ ለውጥ፣ የአለቃ ደረጃዎች እንደሚቀንሱና ውሳኔ እንደሚፋጠን ያወሩት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ቀን የየክፍሉ ኃላፊ ለክፍሉ ዝርዝሩን እንደሚነግር፣ በማግስቱም እሳቸው ራሳቸው ጥያቄ እንደሚቀበሉ ጽፈው ደመደሙ።

የኢሎፕ ኢሜይል በወዳጅነት ሰላምታ ይጀምራል። ከዚያ ስለ ማይክሮሶፍት ስትራቴጂ፣ የስልክ ክፍሉ በዚያ ውስጥ ስላለው ድርሻ፣ ስለ ውድ ስልኮችና ስለ ርካሽ ስልኮች፣ የትኛው ከተማ የትኛውን ንድፍ እንደሚሠራ አንቀጽ በአንቀጽ ላይ ይቀጥላል። 12,500 ሰው እንደሚቀነስ የተጻፈው አሥር ያህል አንቀጽ ካለፈ በኋላ ነው። ኢሜይሉ በዚያው ቀን አደባባይ ወጣ፤ የአሜሪካ ጋዜጠኞችም አንቀጾቹን እየቆጠሩ ተሳለቁበት። በፊንላንዷ ኦውሉ ወይም በሀንጋሪዋ ኮማሮም ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ኢሜይሉን ሲከፍት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን ለማግኘት ግን ስለ ስልክ ገበያ ረጅም ንባብ ማለፍ ነበረበት።

ሁለቱን ኢሜይሎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የሚለያዩት በእውነተኛነት አይደለም፤ ሁለቱም ቁጥሩን ተናግረዋል። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ነው። የኢሎፕ ጽሑፍ የሚጀምረው አለቃው ከተጨነቀበት ጉዳይ ሲሆን የናዴላው የሚጀምረው ሠራተኛው ከተጨነቀበት ነው። መሥሪያ ቤቶች መዋቅር ሲለውጡ የሚጽፉት ኢሜይል የሚበላሽበት የመጀመሪያው ቦታም ይኸው ነው። ለውጡን ያጠናው ኮሚቴ ወራት የፈጀው «ለምን» በሚለው ላይ ስለሆነ ኢሜይሉንም በ«ለምን» ይጀምራል። ተቀባዩ ግን «እኔስ?» እያለ ነው የሚያነበው።

በአገራችን ይህ ችግር ተጨማሪ ክብደት አለው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የቆየ ሰው «መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ» ወይም በአጭሩ ቢፒአር የተባለውን ዘመን ያስታውሳል። «ድልድል»፣ «ምደባ»፣ «መዋቅር» የሚሉት ቃላት በብዙ ቢሮ ውስጥ ገና ሲሰሙ ሆድ ያባባሉ። ስለዚህ «ጉዳዩ፦ የመዋቅር ማሻሻያን ስለማሳወቅ» የሚል ርዕስ የያዘ ኢሜይል ገና ሳይከፈት በቡና ሰዓት ትርጉም ይሰጠዋል። ሥራው ሦስት ጠረጴዛ ማዛወር ብቻ ቢሆንም እንኳ።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአዲስ አበባ ሦስት ቅርንጫፍ ያለው የቤት ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት አለ እንበል። መርካቶ፣ መገናኛና ቃሊቲ ባሉት ቅርንጫፎቹ ሦስት ሦስት ሰው፣ በድምሩ ዘጠኝ ሠራተኛ የደንበኛ ቅሬታ ይቀበላል። አሁን ዘጠኙም ቦሌ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት በአንድ ቡድን ሊሰባሰቡ ነው። የተለመደው ኢሜይል ይህን ይመስላል፦

«ድርጅታችን በየጊዜው የሚለዋወጠውን የገበያ ሁኔታ ታሳቢ በማድረግና የደንበኞችን እርካታ ወደ ላቀ ደረጃ ለማሸጋገር በተደረገው ጥናት መሠረት የደንበኞች አገልግሎት የሥራ ሂደት በአዲስ መልክ የተዋቀረ መሆኑን በታላቅ ደስታ እየገለጽን፣ ሁሉም ሠራተኛ ለተግባራዊነቱ የበኩሉን ትብብር እንዲያደርግ እናሳስባለን። አዲሱ መዋቅር ከዚህ ጋር ተያይዟል።»

እዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ግን ማን ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚሄድ፣ ማን እንደወሰነ አይታወቅም። «ተዋቅሯል» ሲባል ያዋቀረው ሰው ተሰውሯል። ደስታውም የማን እንደሆነ ግልጽ አይደለም፤ ከቃሊቲ አጠገብ ተከራይቶ በእግሩ ሥራ የሚገባ ሠራተኛ በየቀኑ ቦሌ ድረስ በታክሲ መመላለሱ የሚያስደስተው አይመስልም። ከሁሉ የሚከፋው ግን አባሪው ነው። ሠራተኞች የመዋቅር ሥዕል ሲደርሳቸው በመጀመሪያ የሚፈልጉት ስማቸውን ነው። ባዶ ሳጥን ያገኘ ሰው ወይም ስሙን ያጣ ሰው ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ሁሉ አያነብም። ስም ያልተሞላበት ሥዕል ከኢሜይሉ ጋር ባይያያዝ ይመረጣል።

ያው ለውጥ እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፦

«ርዕስ፦ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የቅሬታ ክፍል ሠራተኞች ቦሌ በአንድ ቡድን ይሠራሉ

ውድ ባልደረቦች፣

በሦስቱ ቅርንጫፎች ቅሬታ የሚቀበሉ ዘጠኝ ባልደረቦቻችን ከሐምሌ 1 ጀምሮ በዋናው መሥሪያ ቤት በአንድ ቡድን ይሠራሉ። ማንም ከሥራ አይቀነስም። የማንም ደመወዝ፣ እርከንና የዓመት ፈቃድ አይነካም። የሌሎቻችሁ የሥራ ቦታም ሆነ አለቃ አይቀየርም፤ የሚቀየረው አንድ ነገር ነው፤ ቅሬታ ያለው ደንበኛ ሲመጣባችሁ ወደ ቅርንጫፉ ኃላፊ መላካችሁ ቀርቶ በአዲሱ የቡድኑ ስልክ ታገናኙታላችሁ።

ይህን የወሰንነው ባለፉት ሦስት ወራት ከደረሱን 410 ቅሬታዎች 130ዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲንከባለሉ ከአንድ ሳምንት በላይ ስለቆዩ ነው። ዘጠኙ ባልደረቦቻችን እስካሁን ቅዳሜን በየቅርንጫፉ ሲሸፍኑ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይደርሳቸው ነበር። በአንድ ላይ ሲሆኑ ሁለት ሰው ስለሚበቃ በወር አንዴ ገደማ ይሆናል።

ለውጡ የሚከብዳቸው እንዳሉ እናውቃለን። ቃሊቲ የሚሠሩት መንገዳቸው ይረዝማል። የትራንስፖርት አበል ይጨመር ወይስ የድርጅቱ መኪና ያመላልሳቸው የሚለው ገና አልተወሰነም፤ ውሳኔውን ሰኔ 20 እናሳውቃለን። ጥያቄ ያለው ሰው ሐሙስ በ9 ሰዓት በመሰብሰቢያ አዳራሹ ያገኘኛል፤ በግል መነጋገር የሚፈልግም ቢሮዬ ይምጣ።

ዋና ሥራ አስኪያጅ»

ሁለተኛው ኢሜይል ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ግን ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው ሳይቀር ዋናውን ነገር ይዞ ይሄዳል። የሚበዙት አንባቢዎች ለውጡ የማይነካቸው መሆናቸውም አልተዘነጋም፤ እንደማይነካቸው በግልጽ ተነግሯቸዋል። ይህን አለመጻፍ በብዙ ቢሮ የሚታይ ስህተት ነው፤ ጸሐፊው የማይለወጠውን መዘርዘር ትርፍ ይመስለዋል፣ ዝምታውን ግን ሠራተኛው በሥጋት ይሞላዋል።

በጎ ገጽታ ማሳየትስ? አለቆች በአብዛኛው «ቃናው አዎንታዊ ይሁን» ይላሉ፤ ጸሐፊውም «በደስታ»፣ «የላቀ»፣ «ብሩህ» የሚሉ ቃላት ይደረድራል። ከላይ ባለው ኢሜይል ግን መልካሙን ዜና የያዘው የቅዳሜው ተራ ነው። ሠራተኛው በራሱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ሊያየው የሚችለው ጥቅም ስለሆነ ቅጽል አያስፈልገውም። እንዲህ ያለ ጥቅም ከሌለ ደግሞ ጥቅሙ ለደንበኛው ወይም ለድርጅቱ ነው ብሎ መጻፍ ይሻላል። ሠራተኛን የሚያስቀይመው ለእሱ ያልሆነውን ጥቅም ለእሱ ነው ብሎ ማቅረብ ነው።

ኢሜይሉ ከመላኩ በፊት የሚሠራው ሥራ ደግሞ አለ። ዘጠኙ ሠራተኞች ዜናውን ከኢሜይል ሊሰሙት አይገባም። የቅርብ አለቃቸው አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ፊት ለፊት ይነግራቸዋል። ለእሱም ከዚያ በፊት ሊነሡ የሚችሉ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው በአንድ ወረቀት ይሰጡታል፤ አለዚያ ሠራተኛው ሲጠይቀው «እኔም እንደናንተ ነው የሰማሁት» ይላል፣ ይህ ደግሞ ኢሜይሉን ያፈርሰዋል። በነጋሪውና በኢሜይሉ መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ቀን ከበለጠ ወሬው ቀድሞ በቴሌግራም ይደርሳል። ዓርብ ማታ መላክም ክፉ ልማድ ነው፤ ሰው የሚጠይቀው ሳያገኝ ሁለት ቀን ሲያሰላስል ይከርማል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል። ኢሜይል የሌላቸው ሾፌሮችና መጋዘን ጠባቂዎች ካሉ ያው ጽሑፍ በዚያው ሰዓት በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል።

ኢሜይሉ መበላሸቱ ቶሎ ይታወቃል። ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቀ ያ መልስ በጽሑፉ ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ በማግስቱ ለሁሉም መልሶ መጻፍ ይበጃል። ማንም ምንም ካልጠየቀስ? ይህ ብዙ ጊዜ የመስማማት ምልክት አይደለም፤ ጥያቄው በሌላ ቦታ እየተጠየቀ ነው።

ጥሩ ኢሜይል የሚችለው ነገር ውስን ነው። የናዴላ ጽሑፍ ግልጽ መሆኑ የስልክ ሥራውን አላዳነውም። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ኢሎፕ ከኩባንያው እንደሚለቁ ተነገረ፤ ሐምሌ 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ ናዴላ እስከ 7,800 ተጨማሪ የሥራ ቦታ እንደሚቀነስ፣ ኩባንያውም ከኖኪያ ግዢ ጋር በተያያዘ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ኪሳራ እንደሚመዘግብ ለሠራተኞቻቸው ጻፉ። መጥፎ ውሳኔን የሚያሳምር ጽሑፍ የለም። ጽሑፉ የሚያደርገው ሰው ስለ ራሱ ሊያውቀው የሚገባውን በጊዜው እንዲያውቅ ነው።

ለውጥ የሚያሳውቁ ኃላፊዎች በተለይ አንድ ነገር እንዳይረሱ ያስፈልጋል፤ የገቡትን ቀን። በምሳሌው ላይ «ሰኔ 20 እናሳውቃለን» ተብሏል። ሰኔ 20 ሲደርስ የትራንስፖርቱ ጉዳይ ካልተወሰነ፣ አለመወሰኑንና አዲሱን ቀን የሚገልጽ ሁለት መስመር በዚያው ቀን ይላክ።