ባዶ ቅጽና የማይገመት መልስ

በአሜሪካ ዜግነት ያገኘና ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ልጅ እናቱን ወደዚያ አገር ለማስመጣት ሲያስብ፥ አስቀድሞ የሚሞላው ቅጽ I-130 ይባላል። ቅጹ ስለ ልጁም ስለ እናቲቱም ብዙ ይጠይቃል። በመጨረሻው የሚፈረመው ፊርማም የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በሕግ የሚያስጠይቅ ስለ ሆነ፥ የማያውቁትን በግምት መሙላት አደገኛ ነው። ይህንም በአንድ ምሳሌ እናስረዳለን።

ልጅቱ በቨርጂኒያ፥ እናቷ በደሴ፥ ቅጽ መሙላት የለመዱት አጎቷም በአዲስ አበባ ይኖራሉ እንበል። ልጅቱ ቅጹን አትማ ምንም ሳትጽፍበት ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አነሣችው። ባዶ ቅጽ የማንንም ምስጢር አይዝምና ለመላክ አያሠጋም። ወረቀቱን በመስኮት አጠገብ ዘርግታ፥ ስልኳን ከበላዩ ቀጥ አድርጋ ይዛ፥ አራቱም ጠርዝ እንዲታይ አደረገች። የታችኛው ጠርዝ ከተቈረጠ የገጹ ቍጥርና የእትሙ ቀን ይጠፋል፤ ጊዜው ባለፈበት እትም የተሞላ ማመልከቻ ደግሞ ሊመለስ ይችላል። ከፎቶግራፉም ጋራ «ጋሼ፥ ስለ እናቴ የሚጠይቀውን ክፍል ይመልከቱልኝ፤ የቱን ልሙላ? የቱንስ ላቈይ?» ብላ ላከች።

አጎቷም ጥያቄዎቹን በሦስት ለዩአቸው። አንደኛው ልጅቱ ራሷ አሁኑኑ የምትጽፈው ነው፤ ሁለተኛው ማስረጃ ሳይታይ የማይሞላ ነው፤ ሦስተኛው እናቷ ካልተጠየቁ ማንም የማያውቀው ነው። ከዚህም ጋራ፥ ጥያቄው እናቷን የማይመለከት ሲሆን N/A፥ ቍጥር ተጠይቆ መልሱ «ምንም» ሲሆን None ተብሎ እንደሚጻፍ ነገሯት። ስለዚህ ባዶ ሆኖ የሚቈየው ገና የሚጠየቅበት ብቻ ነው።

ከሁለተኛው ወገን የልደት ቀን ይገኛል። ልጅቱ እናቷ በ1950 ዓመተ ምሕረት መወለዳቸውን ታውቃለች፤ ይህ ግን አይበቃም። የእኛ 1950 ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር ከመስከረም 1957 እስከ መስከረም 1958 ስለሚደርስ፥ ወሩ ሳይታወቅ ዓመቱን እንኳ መወሰን አይቻልም። እናቷ ስልክ ተደውሎላቸው «ጥር 12 ቀን ነው» አሉ። ጥር 12 ቀን 1950 በአውሮፓ አቈጣጠር ጃንዩዋሪ 20 ቀን 1958 ነው። ቅጹም ወርን ከቀን አስቀድሞ mm/dd/yyyy ስለሚል 01/20/1958 ተብሎ ይጻፋል። ሰው የሚስተው ጥር አምስተኛ ወር ነው ብሎ 05/12/1950 ሲጽፍ ነው። ይሁን እንጂ አጎቷ «ይህም ቢሆን ፓስፖርቱ ሳይታይ አይጻፍ» አሉ። በፓስፖርቱ ሌላ ቀን ተጽፎ ቢገኝ፥ ሁለቱ ስለምን እንደ ተለያዩ ሳይታወቅ አንዱን መርጦ መጻፍ አይገባምና። የስማቸውም የላቲን ፊደል አጻጻፍ እንዲሁ ከፓስፖርቱ ይገለበጣል።

ከሦስተኛው ወገን ከሁሉ የከበደው «ስንት ጊዜ አግብተዋል?» የሚለው ነው። ልጅቱ ከአባቷ በቀር ሌላ ስለማታውቅ 1 ብላ ልትጽፍ ነበር። አጎቷ ግን «ልጄ፥ ይህን እናትሽን ሳትጠይቂ አትጻፊ» አሏት። ከጥቂት ቀን በኋላም እናቷ በልጅነታቸው ተድረው እንደ ነበርና ያ ጋብቻ በሁለት ዓመቱ እንደ ፈረሰ ነገሯት። ልጅቱ ይህን ከመወለዷ በፊት የነበረ ነገር ከቶ አልሰማችም ነበር። እንግዲህ መልሱ 2 ነው፤ የቀድሞው ባል ስምና ጋብቻው የፈረሰበት ቀንም ይጠየቃል። ይህ ቢደበቅ ኖሮ፥ እናቷ ቪዛ ሲጠይቁ በሚሞሉት ሌላ ቅጽ ስለ ቀድሞ ባሎች እንደ ገና ይጠየቃሉና፥ የሁለቱ ቅጾች ቃል ሳይስማማ ይቀር ነበር። እናትን ስለዚህ ነገር መጠየቅ የሚያሳፍር ቢመስልም፥ በቤት ውስጥ በልጅ መጠየቅ በቈንስላ መስኮት ፊት ሳያስቡት ከመጠየቅ ይሻላል።

በመጨረሻ ሦስት ቦታ ሳይጻፍ ቈየ፤ ይኸውም የስማቸው የላቲን አጻጻፍ፥ የልደታቸው ቀንና የፊተኛው ጋብቻ የፈረሰበት ቀን ነው። አጎቷም ከእያንዳንዱ አጠገብ የክፍሉንና የጥያቄውን ቍጥር፥ የሚፈለገውንም ማስረጃ ጽፈው ላኩላት። አንድ ቦታ ግን ልጅቱ ማንንም ሳትጠይቅ ሞላች። የአገሩ ጽሕፈት የላቲን ፊደል ያልሆነ ሰው ስሙንና አድራሻውን በራሱ ፊደል እንዲጽፍ ቅጹ ያዛልና፥ የእናቷን ስም በአማርኛ ፊደል ጻፈችው።