ከጥር 23 በኋላ ዕይታው ለምን ይቆማል?

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማህበር ዓመታዊ በዓሉን ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ያከብራል። ከአዘና የሚሄድ ወጣት ፈረሰኞቹን በስልኩ ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ቢጭን፣ ዕይታው ጥቂት ቀን ሽቅብ ይወጣና ድንገት ቀጥ ሊል ይችላል። ያኔ የሚመጣለት ሐሳብ «አፍነውኛል» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያፈነው የለም።

ዩቲዩብ አዲስ ቪዲዮን መጀመሪያ የሚያቀርበው ይወዱታል ብሎ ለሚገምታቸው ነው፤ ቻናሉን ለሚከታተሉና ተመሳሳይ ነገር ሲያዩ ለቆዩ ሰዎች። እነሱ ከፍተው ረጅም ጊዜ ካዩት ከእነሱ ራቅ ወዳሉት ይወስደዋል። ራቅ ያሉት ደግሞ ፈረሱም በዓሉም ያን ያህል አይስባቸውም።

በምሳሌ እንየው። በመጀመሪያው ቀን የቪዲዮው ሽፋን ምስል 20,000 ጊዜ ለሰው ቀረበ እንበል፤ ከመቶው 8 ከተከፈተ 1,600 ዕይታ ነው። በሦስተኛው ቀን 50,000 ጊዜ ቀርቦ ከመቶው 4 ተከፈተ፤ 2,000 ዕይታ። በስድስተኛው ቀን 6,000 ጊዜ ብቻ ቀርቦ ከመቶው 3 ተከፈተ፤ 180። ባለቤቱ የደነገጠው በስድስተኛው ቀን ነው። ፍላጎቱ መሳሳት የጀመረው ግን ዕይታው ከፍ ባለበት በሦስተኛው ቀን ነበር። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ Impressions የሚለውንና Impressions click-through rate የሚለውን ጎን ለጎን ያየ ሰው ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ወደ 3 በመቶ መውረዱ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ዩቲዩብ እንደሚገልጸው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሽ ያህሉ ከ2 እስከ 10 በመቶ ውስጥ ናቸው።

ጤናማው አወራረድ መጀመሪያ ፈጣን ነው፣ ቀጥሎ ይዘገያል፤ ብዙ ጊዜ ዜሮ አይገባም። መነሻ ገጹ ላይ መቅረቡን ሲያቆም በፍለጋ የሚመጡ ጥቂት ሰዎች ይቀራሉ። የበዓል ቪዲዮ ሲሆን ደግሞ በዓሉ በተቃረበ ቁጥር ፈላጊው እንደገና ሊጨምር ይችላል።

የሚያጠራጥረው በሰዓታት ውስጥ ገደል የገባ ዕይታ ነው። ያኔ ስቱዲዮ ላይ Restrictions የሚለውን ዓምድ ማየት ይበጃል፤ ከበዓሉ ድምፅ ማጉያ የተቀረጸ ዘፈን የቅጂ መብት ጥያቄ አምጥቶ ቪዲዮውን በአንዳንድ አገሮች ሊያዘጋው ይችላል። የቻናሉ ቪዲዮዎች ሁሉ አብረው ከወደቁ ግን ጥፋቱን ከአንዱ ቪዲዮ ላይ መፈለግ አይገባም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ተመልካቹ ክልሉ ውስጥ የነበረ ቻናል ምንም ሳያጠፋ ዕይታ ማጣቱ አይቀርም ነበር። እንዲህ ያለው ነገር Geography በሚለው ክፍል ይለያል፤ የኢትዮጵያ ዕይታ ሲወርድ የውጭ አገሩ ባለበት ይቆያል።

ቪዲዮውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ብዙዎች የሚሞክሩት መላ ነው፤ እኔ አልመክረውም። የተሰበሰበው ዕይታና አስተያየት አብሮ ይጠፋል፣ ለሌሎች የተላከው ሊንክም መሥራት ያቆማል።