ቃል መቀየር ምንጭ ከመጥቀስ አያድንም
የጆርናል ጽሑፍን በራስ ቃል ስለመጻፍ፣ ተረትና እውነታ

በምሥራቅ አዲስ አበባ መምህር ለመሆን የሚማር ሰው ብዙውን ጊዜ መንገዱ በኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ያልፋል። ለተግባር ልምምድ ቦሌ ወይም የካ ውስጥ ወዳለ ትምህርት ቤት ወጥቶ ሲመለስ የሚጠብቀው አሳይመንትም የታወቀ ነው፤ ክፍል ውስጥ ያየኸውን ከጆርናል ጽሑፎች ጋር አገናዝበህ አቅርብ። ይሄኔ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲተላለፉ የኖሩ ምክሮች ይመጣሉ። “ዝም ብለህ ፓራፍሬዝ አድርገው” ይባላል። ከእነዚህ ምክሮች አብዛኞቹ ስህተት ናቸው፤ ጉዳታቸውም ከውጤት መቀነስ ያልፋል፤ ምክንያቱም ምክሩን የሚከተለው ሰው ነገ የሌላ ሰው ልጅ የጻፈውን የሚያርም መምህር ነው።

ነገሩን በአንድ ጽሑፍ ላይ ብናየው ይቀላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ደረብሳ ዱፌራ እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓን በሚታተም አንድ ዓለም አቀፍ የትምህርት ጆርናል ላይ፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በነባሩና በዘመናዊው የማስተማር ዘዴ መካከል ስላለው ውጥረት በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ተማሪን የሚያሳትፍ ዘዴ በፖሊሲ ቢደገፍም፣ በአብዛኛው ክፍል ውስጥ መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ያዳምጣል። እንቅፋት ብለው የሚያነሷቸው ደግሞ አምስት ናቸው። የማስተማርና የልጅ አስተዳደግ ባህል፣ የተቋም ድጋፍና የመማሪያ ቁሳቁስ እጥረት፣ የመምህራን የክህሎት ማነስ፣ ለዘዴው የማይመች የትምህርት መሣሪያ፣ እንዲሁም ተማሪዎቹ በንቃት የመሳተፍ ልምድ ሳይኖራቸው መምጣታቸው።

ተረት፦ “ቃላቱን ከቀየርኩ ጽሑፉ የእኔ ነው።”

አንድ እጩ መምህር እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ “በትምህርት ቤቶች አሳታፊ ዘዴ የማይተገበረው በቆየው የማስተማርና ልጅ የማሳደግ ልማድ፣ በድጋፍና በግብዓት ማነስ፣ በመምህራን የችሎታ ጉድለት፣ ባልተስማሙ መጻሕፍትና በተማሪዎች የተሳትፎ ልምድ ማጣት ነው።” ምንጭ የለውም። “ባህል” የነበረው “ልማድ”፣ “ቁሳቁስ” የነበረው “ግብዓት” ሆኗል። ተማሪው ምናልባት አንድም ዓረፍተ ነገር አልገለበጥኩም ብሎ ከልቡ ያምናል።

የተወሰደው ግን ከቃል በላይ ነው። እንቅፋቶቹን ለይቶ አምስት ማድረግ፣ አምስቱን በዚህ ቅደም ተከተል ማስቀመጥ የተመራማሪው ሥራ ነው። መረጃ ሰብስቦ፣ አንብቦ፣ ከፋፍሎ የደረሰበት ውጤት ነው። ተማሪው ያንን ውጤት ራሱ የደረሰበት አስመስሎ አቀረበ። ይህ የጽሑፍ ስርቆት ነው። በመጨረሻው ላይ (ደረብሳ፣ እ.ኤ.አ. 2006) ብሎ ቢጨምርስ? ስርቆቱ ይቀራል፣ ድክመቱ ግን አይቀርም፤ የዓረፍተ ነገሩ አጥንት አሁንም የሌላ ሰው ነውና። ምንጭ መጥቀስና በራስ አነጋገር መጻፍ ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ደግሞ ሌላ ጥፋት አለ፣ ብዙ መምህራን በቸልታ የሚያልፉት። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ መጀመሪያ ደረጃ ነው፤ ተማሪው ግን “በትምህርት ቤቶች” ብሎ አሰፋው። ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ተማሪው የዛሬ እውነት አድርጎ ጻፈው፤ ከዚያ ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱም መጻሕፍቱም ተቀይረዋል። ቃል ለመቀየር ብቻ የሚሮጥ ሰው እንዲህ ያሉትን ወሰኖች ይጥላል። ደራሲው ያላሉትን አሉ ማለት ደግሞ ምንጭ ካለመጥቀስ ያላነሰ በደል ነው።

አሁን ያንኑ ጽሑፍ በትክክል የተጠቀመ አንቀጽ እንይ፦ “በተመደብኩበት 4ኛ ክፍል በተከታተልኩት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከተማሪዎቹ አንድም ጥያቄ አልተነሣም። መምህሯ ሁለት ጊዜ ‘ያልገባችሁ አለ?’ ቢሉም ልጆቹ ዝም አሉ። ደረብሳ ዱፌራ (እ.ኤ.አ. 2006) በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ባደረጉት ጥናት አሳታፊ ዘዴን ከሚያደናቅፉት ነገሮች አንዱ የተማሪዎቹ የራሳቸው ልምድ ማጣት መሆኑን ያመለክታሉ። እኔ ያየሁት ዝምታ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ሆኖም መምህሯ መልስ ሳይጠብቁ ወደ ሰሌዳው መመለሳቸውም አስተዋጽኦ ያደረገ ይመስለኛል።”

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ጸሐፊዋ የራሷ ጥያቄ አላት። ከአምስቱ እንቅፋቶች የሚያስፈልጋትን አንዱን መረጠች፤ የማን እንደሆነ ዓረፍተ ነገሩ ሲጀምር ነገረችን፤ ጥናቱ ስለ የትኛው ደረጃ እንደሆነ ጠበቀች፤ ከዚያ “እኔ ያየሁት” ብላ ድንበሩን አሰመረች። አንባቢ የደረብሳ ሐሳብ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ሳይጠራጠር ያያል።

እዚህ ለመድረስ የሚጠቅመው አሠራር ቀላል ቢሆንም ጊዜ ይወስዳል። የምትፈልጉትን ክፍል አንብቡና ወረቀቱን ዝጉ፤ ስልክ ላይ ከሆነ ስልኩን ወደ ጎን አድርጉ። ለሥራ ባልደረባ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ የገባችሁን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ የደራሲውን ስም፣ ዓመቱንና ገጹን እዚያው አጠገቡ አስፍሩ። ከዚያ ጽሑፉን ክፈቱና አወዳድሩ። በመጀመሪያ ትርጉሙ ተዛብቶ እንደሆነ፣ ቀጥሎ የደራሲው ሐረግ ሾልኮ ገብቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ሐረጉ ሊተካ የማይችል ከሆነ በትእምርተ ጥቅስ አስገቡት፣ ገጹንም ጥቀሱ። ጽሑፉ ፊታችሁ ተከፍቶ እያለ እያንዳንዱን ቃል በሌላ ቃል መተካት ግን ምንጊዜም ወደ መጀመሪያው ናሙና ይመልሳችኋል።

ወረቀቱን ዘግታችሁ ምንም መጻፍ ካልቻላችሁ፣ ጽሑፉ አልገባችሁም ማለት ነው። ርብቃ ሙር ሃዋርድ የተባሉት አሜሪካዊት የጽሕፈት መምህር ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ቃል እየተኩ መጻፍ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማታለል ሳይሆን ገና ካልተረዱት ጽሑፍ ጋር ከመታገል ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ቋንቋው ጆርናል ለሚያነብ ተማሪ ይህ በጣም የሚታወቅ ትግል ነው። መፍትሔው እንደገና ማንበብ፣ የከበደውን አንቀጽ ከጓደኛ ጋር መወያየት፣ መምህርን መጠየቅ ነው።

ተረት፦ “ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ከመለስኩት ማንም አያገኘውም፤ ድካሙም የእኔ ነው።”

ድካሙ የእናንተ ነው፣ ሐሳቡ ግን አይደለም። በትምህርት ዘርፍ በስፋት የሚሠራበት የኤፒኤ መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 7ኛ እትሙ፣ ራሳችሁ የተረጎማችሁትን እንደ ፓራፍሬዝ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ትእምርተ ጥቅስ አያስፈልገውም፤ ምንጩን መጥቀስ ግን ግዴታ ነው። ሙሉ ገጽ ተርጉሞ ማቅረብ ምንጭ ቢኖረውም እንኳ አሳይመንቱ የጠየቀውን ማገናዘብ አይተካም። “አያገኘውም” የሚለውም አያዛልቅም። ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ውስጥ ይታወቃል፤ ጽሑፉን ያነበበ መምህር ደግሞ ከመጀመሪያው አንቀጽ ይለየዋል።

ተረት፦ “በሪፈረንስ ዝርዝሩ ውስጥ ካስገባሁት ይበቃል።”

አይበቃም። ዝርዝሩ ምን እንዳነበባችሁ ይናገራል፤ የትኛው ሐሳብ የማን እንደሆነ አይናገርም። ያንን የሚናገረው በጽሑፉ መሐል ያለው ስምና ዓመት ነው። በረጅም አንቀጽ መጨረሻ ላይ አንድ ቅንፍ መጣልም ያው ግርታ አለው፤ አንባቢው ቅንፉ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን ሁሉንም የሚመለከት አያውቅም። የደራሲውን ስም ገና ሐሳቡ ሲጀመር ማንሣት ይህን ይፈታል።

ተረት፦ “ያነበብኩት ጽሑፍ ቪጎትስኪን ከጠቀሰ እኔም ቪጎትስኪን መጥቀስ እችላለሁ።”

በመምህራን ትምህርት አሳይመንቶች ውስጥ (ቪጎትስኪ፣ 1978) የሚለውን ያህል ሳይነበብ የሚጠቀስ ምንጭ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቪጎትስኪ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። የ1978ቱ መጽሐፍ ከተለያዩ ጽሑፎቹ በአርታኢዎች ተመርጦ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። ይህን መጽሐፍ ያልከፈተ ሰው እንዳነበበው አድርጎ ሲጽፍ፣ የሌላውን ተመራማሪ የንባብ ድካም ወሰደ ማለት ነው፤ ያ ተመራማሪ ተሳስቶ ከሆነም ስህተቱን አብሮ ይወርሳል። ትክክለኛው አጻጻፍ “ቪጎትስኪ፣ እ.ኤ.አ. 1978፣ በእገሌ እንደተጠቀሰው” ብሎ የእገሌን ዓመት ማስከተል ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባውም ያነበባችሁት የእገሌ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ተረት፦ “የተመሳሳይነት መቶኛው ዝቅ ካለ ንጹሕ ነኝ።”

እንደ ተርኒቲን ያሉ ፕሮግራሞች የሚያሳዩት የቃላት መመሳሰልን ነው። በትእምርተ ጥቅስ የገባና ምንጩ የተጠቀሰ ዓረፍተ ነገር ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በሚገባ የተሸፋፈነ ስርቆት ግን ዝቅ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የላይኛው የ“ልማድ” እና የ“ግብዓት” ምሳሌ፣ ከእንግሊዝኛ የመጣ አማርኛ ስለሆነ፣ ምንም ላያሳይ ይችላል። ፍርዱ የሚያነበው ሰው ድርሻ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ስምና ዓመት ነው፤ ትንሽ ቢመስልም የሚያሳስተው ብዙ ሰው ነው። የደረብሳ ጽሑፍ በውጭ አገር ዝርዝሮች ውስጥ “ሰርበሳ፣ 2006” ተብሎ ይገኛል። ሰርበሳ የአያት ስማቸው ነው። በአገራችን ልማድ ሰው በራሱ ስም ስለሚጠራ እዚህ የሚጻፉ ጽሑፎች “ደረብሳ” ይላሉ። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ደረብሳንና ሰርበሳን ሁለት ሰው አድርጎ አንዱን ጥናት ሁለት ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። የትምህርት ክፍላችሁ መመሪያ የሚለውን ያዙ፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን መንገድ ብቻ ተከተሉ። ዓመቱም እንዲሁ። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው በእኛ 1986 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1994 የወጣ ነው፤ በአማርኛ አሳይመንት ውስጥ “እ.ኤ.አ.” ሳትሉ 1994 ብትጽፉ አንባቢው ስምንት ዓመት ወደፊት ይወስደዋል።

አሳይመንቱን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የሪፈረንስ ዝርዝሩን ከላይ ጀምራችሁ እያንዳንዱን ምንጭ በጽሑፋችሁ ውስጥ የት እንደተጠቀማችሁበት ፈልጉ፤ ያላገኛችሁትንና ራሳችሁ ያልከፈታችሁትን ሰርዙት።