እኩል ድምር ያመጡ ተማሪዎች ደረጃ

የክፍል ኃላፊው መምህር ሮስተሩን ሲዘጋ 45 ተማሪዎች አሉት እንበል። ከላይ ያሉት አራቱ ድምራቸው 842፣ 815፣ 815 እና 790 ነው። ሁለቱ ባለ 815ዎች እኩል 2ኛ ናቸው። ስሙ በዝርዝሩ የቀደመውን 2ኛ፣ ሌላውን 3ኛ ማድረግ በደል ነው። የሚያከራክረው 790 ያመጣችው ልጅ ጉዳይ ነው፤ 3ኛ ትባል ወይስ 4ኛ?

ድምሩ በH ዓምድ ላይ ከሆነ፣ የኤክሴል የተለመደው ቀመር 4ኛ ይላታል፤ ከፊቷ ሦስት ልጆች አሉና።

```
=RANK.EQ(H2,H$2:H$46)
```

ቁጥር ሳይዘለል 3ኛ እንድትባል ከተፈለገ ቀመሩ ይህ ነው፤ የሚቆጥረው የሚበልጧትን ልጆች ሳይሆን የሚበልጧትን የተለያዩ ድምሮች ነው።

```
=SUMPRODUCT((H$2:H$46>H2)/COUNTIF(H$2:H$46,H$2:H$46))+1
```

ሁለተኛው ለልጅቷ ደግ ይመስላል። ነገር ግን እኩል ድምር በበዛበት ክፍል የመጨረሻው ተማሪ ካርድ ላይ «38ኛ ከ45» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ወላጅም ከልጁ በታች ሰባት ልጆች ያሉ ይመስለዋል። «ከ45» የሚል ካርድ ላይ እውነቱን የሚናገረው 4ኛ የሚለው ነው ባይ ነኝ። ሳይዘለል የሚሰጠው ደረጃ የሚያምረው ለሽልማት ነው፤ ያኔም ለሦስት ደረጃ አራት ሽልማት መዘጋጀት አለበት።

አንዳንዴ እኩልነቱ ራሱ የውሸት ነው። 814.6 እና 815.4 በአሥር የትምህርት ዓይነት ተካፍለው ሲጠጋጉ ሁለቱም 81.5 ይሆናሉ። ስለዚህ ደረጃው ከተጠጋጋው አማካይ ሳይሆን ከድምሩ ይውጣ።

መምህራን ሆይ፣ ካርድ ከመሞላቱ በፊት ለመላው ትምህርት ቤት አንድ ደንብ ወስኑ፤ ለወላጆችም አሳውቁ።