600 ዴኒየር ማለት ምን ማለት ነው?

ሁለት የጀርባ ቦርሳዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል እንበል። የአንዱ መለያ «600 ዴኒየር ፖሊስተር»፣ የሌላው «500 ዴኒየር ናይለን» ይላል። ብዙ ገዢ ትልቁን ቁጥር ያምናል። ቁጥሩ ምን እንደሚለካ የሚያውቅ ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣል።

ዴኒየር የሚለካው ጨርቁን ሳይሆን ክሩን ነው። 9000 ሜትር የሚረዝም ክር ሚዛን ላይ ቢወጣ ስንት ግራም ይመዝናል? 600 ግራም ከሆነ ክሩ 600 ዴኒየር ይባላል። ስስ የሴቶች ስቶኪንግ ከ15 እስከ 20 ዴኒየር ባለው ክር ሲሠራ፣ ጠንካራ የጉዞ ቦርሳ 1000 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

መለኪያው ክብደት መሆኑ ነው ገዢን የሚያሳስተው። ፖሊስተር ከናይለን ይከብዳል፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ናይለን 1.14 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ያው መጠን ያለው ፖሊስተር 1.38 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ዴኒየራቸው እኩል ከሆነ የፖሊስተሩ ክር ቀጭን ነው። ሲሰላ፣ ከላይ የጠቀስነው ባለ 600 ፖሊስተር በውፍረት ከባለ 500 ናይለኑ ጋር እኩል ይሆናል፤ የመቶው ልዩነት በክብደት ብቻ የመጣ ነው። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ደግሞ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲጎተት ቶሎ የማይበላው ናይለኑ ነው። ፖሊስተርም የራሱ ብልጫ አለው፤ ፀሐይን በተሻለ ይቋቋማል፣ ውሃም ብዙ አይመጥም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ለሚውል ቦርሳ መጥፎ ምርጫ አይደለም።

ክሩ ታወቀ ማለት ግን ጨርቁ ታወቀ ማለት አይደለም። በአንድ ዓይነት ክር ጥቅጥቅ አድርጎም አሳስቶም መሸመን ይቻላል። ይህን የሚለየው ሁለተኛው ቁጥር፣ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም እንደሚመዝን የሚናገረው ነው። መለያ ከሌለው በሚዛን ማወቅ ይቻላል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ በወርቅ ሚዛን ይመዘንና ውጤቱ በ100 ይባዛል፤ 2.5 ግራም ከመጣ ጨርቁ በካሬ ሜትር 250 ግራም ነው። የቦርሳ ጨርቅ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውሃ እንዳያስገባ ከውስጥ የሚቀባው ፕላስቲክ ራሱ ስለሚመዝን፣ ሳስቶ የተሸመነ ጨርቅ በወፍራም ቅብ ከባድ መስሎ ሊሸጥ ይችላል። ቅቡን ትቶ የውጭውን ገጽ ቀረብ ብሎ ማየት፣ ድርና ማጉ ተጠጋግቶ እንደሆነ ያሳያል።

ሪፕስቶፕ የሚባለው ደግሞ የሽመና ዓይነት ነው። በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ በድሩም በማጉም ወፈር ያለ ወይም የተደረበ ክር ይገባና ጨርቁ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። ጨርቅ በሚስማር ተይዞ ሲቀደድ ኃይሉ ሁሉ ቅዱ ጫፍ ላይ ባሉት ጥቂት ክሮች ላይ ያርፋል፤ እነሱ ሲበጠሱ ወደሚቀጥሉት ያልፋል። ወፍራሙ ክር ጋ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ያንን መበጠስ ያቅተውና ይቆማል። ቀዳዳው ይኖራል፤ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት አይተረተርም።

የአሜሪካ ጦር ታሪክ የዚህን ሽመና ጥቅም ያሳያል። በቬትናም ጦርነት ወቅት የጫካ ዩኒፎርሙ ከተራ የጥጥ ጨርቅ ወደ ጥጥ ሪፕስቶፕ ተቀየረ፤ ቀላልና ቶሎ የሚደርቅ ሆኖ ቅድ የሚያቆም ጨርቅ ነበር የተፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው አዲስ ዩኒፎርም ግን ከናይለንና ከጥጥ የተቀየጠ፣ በሰያፍ የተሸመነ ከባድ ጨርቅ ነበር። በ1983 በግሬናዳ ዘመቻ ሙቀቱ ወታደሮቹን አስቸገረ፤ ከዚያ በኋላ ለሞቃት አገር የሚሆን የጥጥ ሪፕስቶፕ ተሠራ።

የሥራ ሱሪ የሚገዛ ሰውም ይኸው ምርጫ ይገጥመዋል። ሪፕስቶፕ ቅድን ያቆማል እንጂ ፍትጊያን የሚያሸንፍበት ልዩ ኃይል የለውም፤ ወፍራሞቹ ክሮች ከፍ ብለው ስለሚታዩ እንዲያውም ቀድመው ሊበሉ ይችላሉ። ቀኑን ሙሉ ለሚንበረከክ የሴራሚክ ሠራተኛ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚደርስ በሰያፍ የተሸመነ ጨርቅ፣ ጉልበቱ ላይ ተደርቦ፣ ይሻለዋል። ሽቦና ቆርቆሮ መሀል ለሚንቀሳቀስ ወይም ቆላ ለሚሠራ ሰው ደግሞ 200 ግራም ገደማ የሆነ ሪፕስቶፕ ይበቃዋል። ለብየዳ ሠራተኛ ናይለንም ፖሊስተርም አይሆኑም፤ ፍንጣሪ ሲነካቸው ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ።

ገበያ ውስጥ አራት ማዕዘኑ በቀለም ብቻ የታተመበት ጨርቅም አለ። ጨርቁን ገልብጦ ማየት ነው፤ መስመሩ ከጀርባውም ካልታየ፣ ጥፍር ሲሄድበትም ካልጎረበጠ ሪፕስቶፕ አይደለም።