ሦስት ናንድ፣ አንድ አምፖል

አንዲት ትንሽ አምፖል እንድትበራ የምንፈልገው A እና B አብረው ሲጫኑ፣ ወይም C እና D አብረው ሲጫኑ ነው እንበል፤ በቀመር F = A·B + C·D። ሁለት «እና»፣ አንድ «ወይም» ጌት የሚጠይቅ ይመስላል። ነገር ግን 7400 የተባለችው ባለ14 እግር ቺፕ የያዘችው አራት ናንድ ጌቶች ብቻ ሲሆን፣ ሥራውን በሦስቱ ትጨርሰዋለች።

ናንድ 0 የሚያወጣው ሁለቱም መግቢያዎቹ 1 ሲሆኑ ብቻ ነው። A እና Bን ለአንዱ፣ C እና Dን ለሌላው ሰጥተን የሁለቱን ውጤት ወደ ሦስተኛው እናስገባለን። A እና B 1 ከሆኑ የመጀመሪያው 0 ያወጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ አንድ 0 እንኳ ከደረሰው 1 ያወጣል፤ አምፖሏ ትበራለች። ሁለቱ ግልበጣዎች እርስ በርስ መጣፋታቸው ለእኔ የዚህ ሥራ ውበት ነው።

ከ16ቱ ጥምረቶች አምፖሏ በ7ቱ መብራት አለባት። እነዚያን ብቻ አይቶ መርካት ግን ያታልላል። በ7400 ላይ ያልተገናኘ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ እንደ 1 ስለሚቆጠር፣ የB ሽቦ ቢወልቅም 7ቱ ሁሉ ትክክል ሆነው ይታያሉ። ጉድለቱ የሚጋለጠው A ብቻ 1 ሆኖ አምፖሏ ስትበራ ነው። ስለዚህ መጥፋት ያለባትን 9 ጊዜም ሳትዘሉ ፈትሹ።